ከነጥቡ በፊት ያለው ጽሑፍ፦ ያልጠራ የሥራ መግለጫና የማይታመን የተስማሚነት ነጥብ

በጋዜጣም ሆነ በድረ ገጽ የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ አንብቦ የሚያውቅ ሰው፣ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አንድ የተለመደ ዐረፍተ ነገር እንደሚገኝ አይዘነጋም፤ «በቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ተግባራትን ያከናውናል።» ይህች መስመር ለአሠሪው መተማመኛ ናት፤ አመልካቹም ሳያነባት ያልፋታል። የአመልካቾችን የሕይወትና የሥራ ታሪክ መግለጫ፣ ማለትም ሲቪን፣ ከሥራ መግለጫው ጋር አነጻጽሮ ለእያንዳንዱ አመልካች የተስማሚነት ነጥብ የሚሰጥ ሥርዓት ግን ምንም ነገር ሳያነብ አያልፍም። ለእርሱ እያንዳንዱ መስመር መለኪያ ነው።

የተስማሚነት ነጥብ ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ቀመሩ ነው። በዘርፉ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችም በአመዛኙ የሚያተኩሩት አንዱን የማዛመጃ ዘዴ በሌላው በመተካት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። ነጥቡ የሁለት ጽሑፎች ግንኙነት መለኪያ በመሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ያበጠ ወይም የደበዘዘ ከሆነ፣ የትኛውም ቀመር ጉድለቱን አይጠግነውም። እንዲያውም አንዳንዱ ቀመር ያባብሰዋል። ይህንንም በአንድ ለአስረጅነት በተዘጋጀ ጉዳይ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ያበጠው ዝርዝር

ዕቃ ከውጭ አስመጥቶ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የክምችት ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል እንበል። የክፍሉ ኃላፊ ሠራተኛው በየወሩ ምን እንደሚሠራ ቢጠየቅ አምስት ነገሮችን ይቆጥራል። የገባውን ዕቃ ከወደብ እስከ መጋዘን የደረሰበትን ዋጋ ያሰላል፤ የስቶክ ካርዱን ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ያመሳክራል፤ የባንክ ሒሳብ ያስታርቃል፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ወርኃዊ ማሳወቂያ ያዘጋጃል፤ በዓመቱ መጨረሻም የንብረት ቆጠራ ይመራል።

ማስታወቂያው ሲወጣ ግን መስመሮቹ ሃያ ሆነዋል። ከቀደሙ ማስታወቂያዎች የተገለበጡ አሥራ አምስት መስመሮች ተጨምረዋል፤ መልካም የመግባባት ችሎታ፣ በቡድን መሥራት፣ ጫናን ተቋቁሞ መሥራት፣ የኮምፒውተር ዕውቀት፣ ተነሳሽነት፣ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ዕቅድ ማውጣትና እነዚህን የመሳሰሉ። እነዚህ መስመሮች ሐሰት አይደሉም። ችግሩ የክምችት ሒሳብ ሠራተኛን ከጸሐፊ፣ ከገበያ ጥናት ባለሙያ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለመለየታቸው ነው።

ሁለት አመልካቾች ቀርበዋል። የመጀመሪያዋ በአስመጪ ድርጅት መጋዘን ሦስት ዓመት የሠራች ናት። ሲቪዋ አምስቱንም ዋና ተግባራት በግልጽ ይጠቅሳል፤ ከአሥራ አምስቱ አጠቃላይ መስመሮች ግን አራቱን ብቻ ያነሳል። ሁለተኛው በቢሮ አስተዳደር የሠራ ነው። ከዋናዎቹ ተግባራት አንዱን፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን ብቻ ይጠቅሳል፤ ከአጠቃላዮቹ ግን አሥራ ሦስቱን በደንብ ጽፏል።

በቀላሉ የተሟሉትን መስመሮች ብንቆጥር፣ የመጀመሪያዋ ከ20 መስመሮች 9 አሟልታ 45 በመቶ ታገኛለች፤ ሁለተኛው 14 አሟልቶ 70 በመቶ ያገኛል። በአምስቱ ዋና ተግባራት ብቻ ብንመዝናቸው ግን የመጀመሪያዋ 100 በመቶ፣ ሁለተኛው 20 በመቶ ይሆናሉ። ሁለቱ ሰዎችና ሁለቱ ሲቪዎች በምንም አልተለወጡም። የተለወጠው የሥራ መግለጫው ብቻ ሲሆን፣ ደረጃቸው ግን ተገልብጧል።

ብዙ ሥርዓቶች ከመቁጠር ይልቅ የኮሳይን ተመሳሳይነትን ይጠቀማሉ። ይህ መለኪያ፣ እያንዳንዱ ሐሳብ እኩል ክብደት ሲኖረው፣ የጋራ የሆኑትን ሐሳቦች ቁጥር በሁለቱ ጽሑፎች ርዝመት ብዜት ዳግም ዘር ያካፍላል። የመጀመሪያዋ ሲቪ 25፣ የሁለተኛው ደግሞ 30 ሐሳቦችን የያዙ ናቸው ብንል ውጤቱ የሚከተለው ነው።

```
ባለ 20 መስመር መግለጫ
  1ኛ አመልካች:  9/√(20×25) = 0.40
  2ኛ አመልካች: 14/√(20×30) = 0.57
ባለ 5 መስመር መግለጫ
  1ኛ አመልካች:  5/√(5×25)  = 0.45
  2ኛ አመልካች:  1/√(5×30)  = 0.08
```

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ከላይ ያየነው የደረጃ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ብዙም የማይስተዋል ነው። የመጀመሪያዋ አመልካች በጠራው መግለጫ የተጠየቀውን ሁሉ አሟልታ እንኳ ያገኘችው 0.45 ነው። ስለዚህ ይህ ቁጥር መቶኛ አይደለም፤ «ሥራውን 45 በመቶ ትችላለች» ማለትም አይደለም። ለሁሉም የሥራ መደቦች አንድ የማለፊያ ነጥብ፣ ለምሳሌ 0.50፣ የቆረጠ ተቋም፣ ባበጠው መግለጫ የማይመጥነውን ሰው ያሳልፋል፤ በጠራው መግለጫ ደግሞ ሥራውን ሙሉ በሙሉ የምትችለውን ይጥላል። በአንድ መግለጫ የተገኘ ነጥብ በሌላ መግለጫ ከተገኘ ነጥብ ጋር አይነጻጸርም።

ክብደት መስጠት ይፈታዋልን?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል። በየሲቪው የሚገኙ ቃላትን ክብደት የሚቀንስ፣ ብርቅ የሆኑትን ደግሞ የሚያጎላ ቲኤፍ-አይዲኤፍ የሚባል ዘዴ ከተፈለሰፈ ቆይቷል፤ እንግዲያው «በቡድን መሥራት» የሚለው መስመር ራሱ ከጨዋታ ውጭ ይሆናል ይላል። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው። ሁሉም አመልካች የሚጽፈው ሐረግ ክብደቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ሆኖም እብጠት ሁልጊዜ በአጠቃላይ ሐረጎች ብቻ አይመጣም። አሠሪው «ይህንንም አልፎ አልፎ ቢያግዘን» ብሎ የሚጨምረው ልዩ ተግባርም አለ። ለክምችት ሒሳብ ሠራተኛው «የድርጅቱን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ማስተዳደር» የሚል መስመር ተጨመረ እንበል። ከ100 ሲቪዎች የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን የሚጠቅሱት 40፣ ማኅበራዊ ሚዲያን የሚጠቅሱት ደግሞ 5 ቢሆኑ፣ በተለመደው ቀመር የመጀመሪያው ክብደት የ100/40 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም፣ ማለትም 0.92 ይሆናል። የሁለተኛው የ100/5 ሎጋሪዝም፣ ማለትም 3.00 ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሠራው ተግባር በየወሩ ከሚሠራው ከሦስት እጥፍ በላይ ክብደት አገኘ ማለት ነው። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ ብርቅ የሆነውን እንዲያጎላ ታዟል፣ አጉልቷል። ከሥራው ጋር የማይገናኝ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ ግን የለውም፤ ያንን ማወቅ የነበረበት መግለጫውን የጻፈው ሰው ነው።

የዓረፍተ ነገሮችን ትርጉም ወደ ቬክተር የሚለውጡት የቅርብ ጊዜ ሞዴሎችም ከዚህ አያመልጡም። እነዚህ ሞዴሎች «የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ» እና «ባንክ ሪኮንሲሊዬሽን» አንድ መሆናቸውን ሊረዱ ይችላሉ፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አንድ ሙሉ ሰነድ በአንድ ቬክተር ሲጠቃለል፣ አሥራ አምስቱ አጠቃላይ መስመሮች አምስቱን ልዩ መስመሮች ወደ መሀል ይጎትቷቸዋል። የክምችት ሒሳብ ሠራተኛው መግለጫም የማንኛውንም የቢሮ ሥራ መግለጫ መምሰል ይጀምራል።

ከዚህም የባሰ ሜካኒካዊ ችግር አለ። በርትና በርሱ መሠረት የተሠሩ ብዙ ሞዴሎች በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት ጽሑፍ ቢበዛ 512 የቃል ቁራጮች ነው፤ ከዚያ የሚያነሰውን የሚቀበሉም አሉ። ቁራጭ ከሙሉ ቃል ያነሰ ነው፤ በቅጥያ የበለጸገ የአማርኛ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ በርካታ ቁራጮች ይከፈላል። ማስታወቂያው በድርጅቱ ታሪክ፣ ራእይና ተልእኮ ሲጀምር፣ ተፈላጊው ችሎታ የሚቀመጠው ከታች ነው። ጽሑፉ ከገደቡ ሲያልፍ ሥርዓቱ በብዙ አጋጣሚዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ትርፉን ይቆርጠዋል። በዚህ ጊዜ የአመልካቹ ልምድ የሚመዘነው ከድርጅቱ ራእይ ጋር ነው። ይህን ለማወቅ ከባድ ሙከራ አያስፈልግም፤ የመግለጫውን የመጨረሻ አንቀጽ ሰርዞ ነጥቡን ደግሞ ማስላት ይበቃል። ነጥቡ በአንዲት አሥርዮሽ እንኳ ካልተለወጠ፣ ያ አንቀጽ ቀድሞውኑ አልተነበበም።

የደበዘዘው መግለጫ

እስካሁን ያየነው የበዛበትን መግለጫ ነው። ያነሰበትም የራሱ ጥፋት አለው። «በአካውንቲንግ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 2 ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ፣ የኮምፒውተር ችሎታ» የሚል ባለ ሦስት ነጥብ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ እናያለን። ስልሳ ሰው ያመለክታል፤ ስልሳውም ሦስቱን ነጥቦች ያሟላል። ታዲያ ሥርዓቱ ደረጃ እንዲያወጣ ሲታዘዝ በምን ይለያቸዋል?

ወደ ቀደመው ቀመር እንመለስ። 16 ሐሳቦችን የያዘ ሲቪ 3/√(3×16) = 0.43 ያገኛል። 36 ሐሳቦችን የያዘው ደግሞ 3/√(3×36) = 0.29። የጋራ ሐሳቦቹ ቁጥር ለሁሉም ሦስት ስለሆነ፣ የሚለዋወጠው የሲቪው ርዝመት ብቻ ነው። ደረጃው ከአጭር ሲቪ ወደ ረጅም ሲቪ የተደረደረ ዝርዝር ሆነ ማለት ነው። ብዙ የሠራ ሰው ብዙ በመጻፉ ወደ ታች ይወርዳል። በሌላ ቀመር ሌላ ነገር ደረጃውን ይወስን ይሆናል፤ የሲቪው ቅርጽ፣ የቃላት ምርጫ፣ ወይም ሲቪው በእንግሊዝኛ ሆኖ ማስታወቂያው በአማርኛ መሆኑ። የሆነው ሆኖ የሚወስነው ከሥራው ጋር የማይገናኝ ነገር ነው። ቁጥሩ ግን ሁለት አሥርዮሽ ይዞ ስለሚወጣ የተመዘነ ይመስላል።

የደበዘዘ መግለጫ ሌላም ጉዳት አለው፤ ለተመራማሪው ይህኛው ይበልጥ አሳሳቢ ነው። የማዛመጃ ሥርዓት ጥራት የሚለካው ሰዎች ከሰጡት ፍርድ ጋር በማነጻጸር ነው። «አግባብ ያለው ልምድ» የሚለው ሐረግ ምን ማለት እንደሆነ ሁለት ገምጋሚዎች ካልተስማሙ፣ ሥርዓቱ ከምን ጋር ይነጻጸራል? ሁለት ገምጋሚዎች ተመሳሳይ 20 ሲቪዎችን ለየብቻ አይተው እያንዳንዳቸው አሥሩን «ተስማሚ» ቢሉ፣ በ12ቱ ላይም ቢስማሙ፣ ስምምነታቸው 60 በመቶ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሳንቲም ቢጥሉ እንኳ 50 በመቶ ይስማሙ ነበር። ጃኮብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ካፓ በሚባለው መለኪያ ብናሰላው (0.60 − 0.50)/(1 − 0.50) = 0.20 ይሆናል። ይህ እጅግ ዝቅተኛ ስምምነት ነው። በእንዲህ ያለ ፍርድ ላይ የሠለጠነ ሞዴል ትክክለኛነቱ ዝቅ ቢል ሊወቀስ፣ ከፍ ቢልም ሊመሰገን አይገባም፤ መለኪያው ራሱ አልቆመምና።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ሰፊ የሥራ መግለጫ በከንቱ አልተፈጠረም። አሠሪዎች ሥራ ይለዋወጣል፣ ሠራተኛ «ይህ በዝርዝሬ የለም» እንዲል አንፈልግም ይላሉ። አዲስ ተመራቂዎችም ሰፋ ያለ ማስታወቂያ በር እንደሚከፍትላቸው ያምናሉ። ሁለቱም ስጋቶች ሚዛን የሚደፉ ናቸው። ሆኖም የሚጠይቁት ሁለት ጽሑፎችን መለየት እንጂ አንዱን ማሳበጥ አይደለም። የሥራ ውሉና የውስጥ መመሪያው የፈለገውን ያህል ሊሰፋ ይችላል። ለማዛመድ የሚገባው ጽሑፍ ግን ሌላ መሆን አለበት፤ አመልካቾችን እርስ በርሳቸው የሚለይ ብቻ።

ተመራቂውን በተመለከተም፣ ያበጠ ዝርዝር በር የሚከፍትለት ይመስላል እንጂ ሌላ ነገር ያስተምረዋል። ነጥቡ የሚገኘው የማስታወቂያውን ቃላት በመድገም እንደሆነ አንዴ ከተረዳ፣ ሃያውን መስመር ወደ ሲቪው ይገለብጣል። ሌላውም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ የሚለካው ማን ሥራውን እንደሚችል ሳይሆን ማን ማስታወቂያውን በሚገባ እንደቀዳ ነው። ሥራውን በእውነት የሠራችውና በራሷ ቃል የጻፈችው ግን በዝምታ ትወድቃለች፤ ለምን እንደወደቀችም የሚነግራት የለም።

ምን ይደረግ?

የሥራ ትንተና አዲስ ነገር አይደለም። ጆን ፍላናጋን በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የወሳኝ ክስተት ዘዴ የሚጀምረው ሥራውን በቅርብ ከሚያዩ ሰዎች ነው። በሥራው ላይ ስኬት ወይም ውድቀት ያስከተለ ድርጊት እንዲተርኩ ይጠየቃሉ፤ ባሕርይን እንዲያወድሱ አይጠየቁም። ለክምችት ሒሳቡ ኃላፊ «ምን ዓይነት ሠራተኛ ትፈልጋለህ?» ቢባል «ታታሪና ታማኝ» ይላል። «ባለፈው ዓመት ሒሳቡ የተበላሸው በምን ምክንያት ነበር?» ቢባል ግን «የጉምሩክ ወጪው በዕቃው ዋጋ ላይ ሳይደመር ተመዘገበ» ይላል። ከሁለተኛው መልስ የሚለይ መስፈርት ይወጣል፤ ከመጀመሪያው አይወጣም።

ከዚህ ተነሥቶ ለማዛመድ የሚቀርበው መግለጫ ከአምስት እስከ ሰባት በሚደርሱ መስፈርቶች ቢወሰን፣ እያንዳንዱም ሦስት ነገር ቢናገር መልካም ነው፤ ምን ይሠራል፣ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ይሠራል፣ በሲቪ ላይ በምን ይታወቃል። «ሪፖርት ያዘጋጃል» የሚለው መስመር «የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ በየወሩ አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሠራ» ሲሆን፣ ሰውም ማሽንም ሊፈትሸው ይችላል። ሲቀጠር የግድ ማወቅ ያለበትና በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊማረው የሚችለውም ተለይተው ይጻፉ፤ ነጥብ የሚሰጠውም በመጀመሪያዎቹ ብቻ ይሁን። ለአዲስ ተመራቂ በር የሚከፍተው ይህ ልዩነት ነው።

ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊትም አንድ ቀላል ፈተና ይበቃል። ቀደም ሲል በተመሳሳይ መደብ ካመለከቱ ሰዎች አሥር ሲቪዎችን ስም ሸፍኖ መውሰድ፣ ነጥባቸውን ማስላት፣ ከዚያ ከመግለጫው አንድ አንድ መስመር እያነሱ ደግሞ ማስላት። አንድ መስመር ሲወጣ የአሥሩ ደረጃ ካልተለወጠ፣ መስመሩ ጌጥ ነው። ደረጃው ከተለወጠ፣ ለውጡን የክፍሉ ኃላፊ ይመልከተው፤ ወደ ላይ የወጣው ሰው ሥራውን የሚችል ከሆነ፣ የተነሣው መስመር ጎጂ ነበር። ይህ ፈተና ወሰን አለው። አሥር ሲቪ ትንሽ ነው፤ መግለጫው የጠራ እንኳ ቢሆን በሲቪ ላይ ያልተጻፈ ችሎታ አይለካም። ቢሆንም መግለጫውን የጻፈው ክፍል ጽሑፉ በሰዎች ዕጣ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በዓይኑ እንዲያይ ያስችለዋል።

ለዘርፉ ተመራማሪዎችም አንድ ሐሳብ ማቅረብ ይገባል። የማዛመጃ ሞዴሎችን የሚያወዳድሩ ጽሑፎች የሲቪዎቹን ብዛትና የሞዴሉን ዓይነት በዝርዝር ያቀርባሉ፤ የሥራ መግለጫዎቹን ግን እንደ ተሰጠ ነገር ይወስዳሉ። መግለጫዎቹ ስንት መስመር እንደነበሩ፣ ስንቱ መስመር አመልካቾችን እንደሚለይ፣ ገምጋሚዎቹም በካፓ ምን ያህል እንደተስማሙ ቢገለጽ፣ በሁለት ሞዴሎች መካከል የሚታየው ልዩነት ከሞዴሎቹ ይሁን ከማስታወቂያዎቹ መለየት ይቻላል። ይህ ሳይገለጽ የሚቀርብ የትክክለኛነት ቁጥር፣ በባለ ሃያ መስመሩ ማስታወቂያ ላይ እንደተገኘው 0.57 ሁሉ፣ ማንን እንደሚመለከት የማይታወቅ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።